የባጃጅ ጥቅሶችን በኤአይ ማዘጋጀት፦ በቃና፣ በአራዳ ቃልና በርዝመት ላይ እርማት የመስጠት ተሞክሮ

ሐዋሳ ውስጥ ስቲከር የመቁረጥና ማስታወቂያ የመጻፍ ሥራ እሠራለሁ። ከደንበኞቼ የሚበዙት የባጃጅ ባለቤቶችና ሾፌሮች ሲሆኑ፣ የሚፈልጉትም በአብዛኛው ከባጃጁ በስተኋላ ወይም ከሾፌሩ ጀርባ በተሳፋሪው ፊት ለፊት የሚለጠፍ አጭር ጥቅስ ነው። ችግሩ ጥቅሶቹ ቶሎ የሚሰለቹ መሆናቸው ነው፤ አንድ ጥቅስ ከተማውን ከዞረ በኋላ ማንም ሾፌር ሊገዛው አይፈልግም። በዚህ ምክንያት 40 አዳዲስ ጥቅሶችን በአንድ ጊዜ ለማዘጋጀት በስልክም በኮምፒውተርም የሚሠራ ጽሑፍ አመንጪ የኤአይ መተግበሪያ ተጠቀምኩ። መተግበሪያው ጥቅስ ለማውጣት ደቂቃ አይፈጅበትም፤ ሥራው ያለው ከዚያ በኋላ በሚሰጠው እርማት ላይ ነው። ተመሳሳይ ሥራ ለሚሠሩ ሰዎች ይጠቅም እንደሆነ በማለት፣ እርማቱን በምን ቅደም ተከተልና በምን ዓይነት አነጋገር ብሰጥ ውጤት እንዳገኘሁ እጽፋለሁ።

በመጀመሪያው ዙር የሚመጣው ጥቅስ ሁልጊዜ ማለት በሚቻል ደረጃ ስብከት ነው። «ሕልምህን ተከተል፣ ስኬት ይከተልሃል»፣ «ሕይወት ጉዞ ናት፣ በጉዞው ተደሰት» የሚሉትን የመሰሉ ዐረፍተ ነገሮች ይደረደራሉ። ሰዋስዋቸው እንከን አይወጣለትም፤ ነገር ግን በሌላ ቋንቋ ታስበው በአማርኛ የተጻፉ መሆናቸውን ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል። አንድ ደንበኛዬ የመጀመሪያውን ዝርዝር አንብቦ ሲጨርስ፣ «እህቴ፣ ይኼንን ከለጠፍኩማ ተሳፋሪው መዝሙር ክፈትልን ይለኛል» አለኝ። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚሰጠው እርማት «ትንሽ አስቂኝ ይሁን» ወይም «ቀለል ያለ ይሁን» የሚል ነው። ይህ እርማት ግን ስብከቱን ሳይነካ በላዩ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክትና የሳቅ ምስል ብቻ ይጨምርበታል፤ ምክንያቱም «አስቂኝ» የሚለው ቃል ማን በማን ላይ፣ በምን ጉዳይ እንደሚቀልድ አይናገርም።

ቃናውን የለወጠው እርማት የተናጋሪውን ቦታ የሚወስን እርማት ነበር። መመሪያውን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የሚናገረው የባጃጅ ሾፌር ነው። ስለ ራሱ፣ ስለ መንገዱና ስለ ሥራው ይናገራል እንጂ ተሳፋሪውን አይመክርም፣ አያዝዝም። በእያንዳንዱ ጥቅስ ውስጥ በባጃጅ ሥራ በእጅ የሚነካ ወይም በዓይን የሚታይ አንድ ነገር ይኑር።» በቀጣዩ ዙር የመጡት ጥቅሶች ግማሽ ያህሉ ወዲያውኑ መልካቸው ተቀየረ። «ሦስት ጎማ አለኝ፤ አራተኛው እምነት ነው» የሚለው ከዚህ ዙር የወጣ ሲሆን፣ «ታሪፉ ይታወቃል፤ ክርክሩ ነፃ ነው» የሚለውም እንዲሁ።

ከዚያ በፊት «ሕይወት»፣ «ስኬት»፣ «ሕልም» የሚሉትን ቃላት መከልከልን ሞክሬው ነበር፤ መከልከሉ ብቻውን የሚረዳው ጥቂት ነው። ቃሉ ሲከለከል በቦታው ዘመዱ ይገባል፤ «ሕይወት» ወጥቶ «ኑሮ»፣ «ስኬት» ወጥቶ «ድል» ይሆናል፣ ስብከቱ ግን እንዳለ ይቀጥላል። በሌላ በኩል የሚነካ ነገር ይኑር የሚለው መመሪያም የራሱን ችግር ያመጣል፤ ከአሥሩ ጥቅስ ሰባቱ ስለ ጎማ ሆነው ይመጣሉ። መፍትሔው ጉዳዮቹን ከፋፍሎ መስጠት ነው። እኔ በአንድ ዙር አሥር ጥቅስ ብቻ እያስወጣሁ፣ ሁለቱ ስለ ዝርዝር ገንዘብ፣ ሁለቱ ስለ ቤንዚን ወረፋ፣ ሁለቱ ስለ ዝናብና ስለ መንገድ፣ ሁለቱ ስለ ቤተሰብ፣ ሁለቱ ስለ ሐይቁ እንዲሆኑ አደረግሁ። «ቤንዚን ወረፋ ላይ ሁሉም እኩል ነው» የሚለው እስካሁን ደንበኛ የሚፈልገው ጥቅስ ከዚህ ክፍፍል የመጣ ነው። ሠላሳና አርባውን በአንድ ጊዜ ማስወጣት የማልመክረው ጥቅሶቹ እየገፉ ሲሄዱ አንድ ዓይነት ቅርጽ ስለሚይዙ ነው፤ የመጀመሪያው ግማሽ አንድ ነገር ተናግሮ ሁለተኛው ግማሽ በ«ነው» የሚዘጋው አሠራር መጀመሪያ ላይ ያምራል፣ በተከታታይ ሲደጋገም ግን ሁሉም ጥቅስ የአንድ እናት ልጅ ይመስላል።

ከቃና ጋር አብሮ የሚታይ አንድ ነገር አለ። አማርኛ ለወንድና ለሴት የተለያየ የግሥ ቅርጽ ስላለው፣ መተግበሪያው ካልተነገረው በስተቀር ሁሉንም ተሳፋሪ «አንተ» ይላል። «ዝርዝር ያዝ» የሚል ጽሑፍ እናቴን በምታክል ተሳፋሪ ፊት ቢለጠፍ ነውር ነው። «ይያዙ» በሚለው ቢተካ ደግሞ ጨዋ ይሆናል፣ ነገር ግን ከጥቅስነት ወርዶ ማስታወቂያ ይሆናል። ስለዚህ ጥቅሱ ማንንም በቀጥታ እንዳይጠራ፣ ሾፌሩ «እኔ» ብሎ ወይም ስለ ሦስተኛ ሰው እንዲናገር የሚል መመሪያ ጨመርኩ፤ ይህ አንድ መስመር ብዙ እርማት አስቀርቶልኛል።

መተግበሪያው የታወቁ ምሳሌያዊ አነጋገሮችን እንደ አዲስ አድርጎ የማቅረብ ልማድም አለው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» በቁሙ ሲመጣ መሰረዝ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ግማሹ ተለውጦ የሚመጣው ነው፤ ለምሳሌ «ቀስ በቀስ ባጃጅ በጎማው ይሄዳል» የሚል አንድ ጥቅስ ወጥቶ ነበር። እኔ ይህንን አልጣልኩትም፤ የታወቀውን ተረት ጠምዝዞ መጠቀም የሾፌሮች የራሳቸው ጨዋታ ስለሆነ፣ የእንቁላሉን ተረት የሚያውቅ ሁሉ ፈገግ ይላል። መለያዬ የነበረው ጥምዘዛው አንባቢውን ወደ አዲስ ነገር ይወስደዋል ወይስ ቃል ብቻ ነው የተቀየረው የሚለው ጥያቄ ነው።

ቃናው ከተስተካከለ በኋላ ወደ አራዳ ቃል መጠን አለፍኩ። በዚህ ላይ የሚሰጥ እርማት ከሁሉም በላይ የሚንሸራተት ነው። «ትንሽ አራዳ አድርገው» ስንል በእኛ አእምሮ አንድ ቃል ሲሆን፣ በመተግበሪያው ዘንድ ግን ሙሉው ጥቅስ ነው። «በጣም በዛ፣ ቀንሰው» ሲባል ደግሞ ጨርሶ ያወጣውና ወደ መጽሐፍ አማርኛ ይመለሳል። በሁለቱ ጫፎች መካከል ከመመላለስ የገላገለኝ አንዱን ሐሳብ በሦስት ደረጃ ጽፌ ማሳየቴ ነው። ደረጃ ዜሮ «የተቸገረ ሰው መንገዱ ይረዝምበታል» የሚል፣ ደረጃ አንድ «ችስታ ሲሆኑ መንገዱ ይረዝማል» የሚል፣ ደረጃ ሁለት ደግሞ «ችስታ የሆነ ጀለስ ነቄ ቢሆንም ፈታ አይልም» የሚል ነበር። ሦስቱንም ከሰጠሁ በኋላ ሁሉም ጥቅስ በደረጃ አንድ ይሁን፣ በአንድ ጥቅስ ውስጥም ከአንድ የአራዳ ቃል በላይ አይግባ አልኩ። ደረጃ ሁለቱን ማየት ለማንም ይጠቅማል፤ አራት የአራዳ ቃል ሲደረደር ንግግሩ አራዳ መሆኑ ይቀርና አራዳ ለመምሰል የሚጥር ሰው ንግግር ይሆናል።

ሆኖም የቃሉን ቁጥር መገደብ የቃሉን ትክክለኛነት አያረጋግጥም። መተግበሪያው በአማርኛ የተጻፈ የአራዳ ንግግር ብዙ ያየ አይመስልም፤ ስለዚህ ቃሉን ያውቀዋል፣ ቦታውን ግን ይስታል። «ደስ ሲልህ ላሽ በል» የሚል ጥቅስ ወጥቶ ነበር። ሊል የፈለገው «ፈታ በል» ነው፤ የጻፈው ግን ደስ ያለውን ሰው ከዚህ ጥፋ የሚል ነው። አልፎ አልፎም ማንም አፍ ላይ የሌለ፣ አራዳ የሚመስል ቃል ፈጥሮ ያስገባል። ለዚህ ያገኘሁት መድኃኒት ቃላቱን እኔው መርጬ መስጠት ነው። ጀለስ፣ ነቄ፣ ፈታ፣ ችስታ፣ ሙድ፣ ፋራ የሚሉትን ከአጭር ፍቺና ከአንድ አንድ ምሳሌ ጋር አቅርቤ ከእነዚህ ውጪ እንዳይጠቀም ገደብኩ። ረዳቶችን የሚያንኳስሰውን «ወያላ» የሚለውን ቃልና ሴቶችን የሚጠሩ የአራዳ ቃላትን በሙሉ ከልክያለሁ፤ ባጃጅ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናቶችም፣ ተማሪዎችም የሚሳፈሩበት ስለሆነ።

ሐዋሳ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከሾፌሮቹም ሆነ ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ በቤታቸው ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የሚናገሩ ሲሆን፣ አማርኛን አጥርተው ቢያውቁም አዲስ አበባ ላይ የተወለደ የአራዳ ቃል ሁሉ እነሱ ዘንድ አልደረሰም። ስለዚህ በየዙሩ የወጣውን ዝርዝር መናኸሪያ አካባቢ ላለ አንድ ተራ አስከባሪና እዚያው ለሚቆሙ ሾፌሮች ያለ ምንም ማብራሪያ አነብላቸዋለሁ። መለኪያው አጭር ነው፤ ሳይጠይቁ ከሳቁ ወይም ከደገሙት ይለፍ፣ «ምን ማለት ነው?» ካሉ ይውጣ። ተራ አስከባሪው «ነቄ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «ይኼን የሚያውቁት ልጆቹ ናቸው፤ ለጋሽዬዎቹ ባጃጅ አይሆንም» አለኝ። በዚህ ምክንያት ከ40ው ውስጥ አሥሩ በደረጃ ዜሮ እንዲቀሩ ወሰንኩ። የብዙ ሰው አስተያየት በተሰበሰበ ጊዜ ግን እርስ በርሱ የሚጋጨውን ራስ ወስኖ አንድ አድርጎ ማስገባት ያስፈልጋል፤ «አጭር ይሁን» እና «ምክንያቱን ይናገር» የሚሉ ሁለት አስተያየቶች በአንድ መመሪያ ውስጥ ከገቡ የሚወጣው ጥቅስ ሁለቱንም አያሟላም።

የርዝመትን ጉዳይ መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። ገደቡ ከመጀመሪያው መመሪያ ጀምሮ መነገር አለበት፤ ጥብቅ እርማቱ ግን ቃናውና ቃላቱ ከተያዙ በኋላ ቢሰጥ ይሻላል፣ አለበለዚያ አንድ የአራዳ ቃል በተቀየረ ቁጥር ርዝመቱ እንደገና ይፈርሳል። እኔ የምቆርጠው ስቲከር 70 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ሲሆን፣ ከኋላ በሚመጣ መኪና ውስጥ ሆኖ ለማንበብ ፊደሉ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያስፈልገዋል። በዚህ መጠን አንድ መስመር የሚይዘው ክፍት ቦታዎችንና ነጥቦችን ጨምሮ 16 ፊደል ገደማ ነው። በሁለት መስመር 32 ማለት ነው።

እዚህ ላይ «ከሰባት ቃል አይብለጥ» የሚለው እርማት ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት አለ። በአማርኛ አንድ ቃል «ቤት» ሊሆን ይችላል፣ «ስለማይመለከታቸውም» ሊሆንም ይችላል፤ አንዱ ሁለት ፊደል ሲሆን ሌላው አሥራ አንድ ነው። ስለዚህ ሰባት ቃል ያለው ጥቅስ ስቲከሩ ላይ ቦታ ሊተርፈው፣ አራት ቃል ያለው ግን ከስቲከሩ ሊያልፍ ይችላል። የፊደል ብዛት ብንሰጥ ደግሞ መተግበሪያው በትክክል አይቆጥርም። እነዚህ መተግበሪያዎች ጽሑፍን የሚያነቡት ፊደል በፊደል ሳይሆን በቁርጥራጭ ሲሆን፣ የአማርኛ ቃል ደግሞ ከእንግሊዝኛው ይልቅ በብዙ ቁርጥራጭ ይበጣጠሳል። «16 ፊደል ነው» ብሎ ያቀረበው 21 ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። እንደገና እንዲቆጥር ማዘዝ ጊዜ ማባከን ነው፤ መቁጠሩን በኤክሴል እሠራዋለሁ። እያንዳንዱን ጥቅስ በአንድ አምድ ላይ አስቀምጬ በጎኑ ሁለት ቀመር እጽፋለሁ፤ የመጀመሪያው ፊደሉን ከነክፍት ቦታው፣ ሁለተኛው ቃሉን ይቆጥራል።

```
=LEN(A2)
=LEN(TRIM(A2))-LEN(SUBSTITUTE(A2," ",""))+1
```

ከመቁጠሩ በፊት አራት ነጥቡን ማየት ይገባል። ብዙ ጽሑፍ ላይ አራት ነጥብ የሚጻፈው ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት ስለሆነ፣ ቀመሩ አንዱን ምልክት ሁለት አድርጎ ይቆጥረዋል። «፡፡» የሚለውን ሁሉ ፈልጎ በ«።» መተካት ይህንን ያስተካክላል።

ቆጥሬ ያገኘሁትን መልሼ ስሰጥ «አሳጥረው» አልልም። አሳጥረው ሲባል መተግበሪያው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆርጠው መጨረሻውን ነው፤ በአማርኛ ደግሞ የጥቅሱ ጉልበት ያለው መጨረሻው ላይ ነው። «ታሪፉ ይታወቃል፤ ክርክሩ ነፃ ነው» የሚለውን ባሳጠረው ጊዜ «ታሪፉ ይታወቃል» ብቻ ቀረ። ሌላው የማሳጠር ዘዴው የቃል መድረሻዎችን መንቀል ሲሆን፣ በዚህም ጊዜ ጥቅሱ በድሮ ጊዜ በቃል ተከፍሎበት ይላክ የነበረ የቴሌግራም መልእክት ይመስላል። ስለዚህ እርማቱን የምሰጠው «ቁጥር 12 በአምስት ፊደል ይበልጣል፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት አትንካ፣ ከመጀመሪያው ክፍል ቀንስ» በሚል መልክ ነው።

አንዱን ጥቅስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብንከተለው አካሄዱ ይበልጥ ይታያል። በመጀመሪያው ዙር የመጣው «ገንዘብ ሁሉም ነገር አይደለም፣ ነገር ግን ዝርዝር መያዝ ለሁሉም ሰው ጠቃሚ ነው» የሚል ነበር። የቃናው እርማት ከተሰጠ በኋላ «ዝርዝር ይዞ የሚሳፈር ሰው በሄደበት ሁሉ ወዳጅ አያጣም» ሆነ። ይህ መልካም ነው፣ ግን ይረዝማል። በአራዳ ቃል ዙር ደረጃዎቹን ከማሳየቴ በፊት «ነፍ ፍራንክ ያለው ጀለስ ዝርዝር ካልያዘ ፋራ ነው» የሚል መጣ፤ አራት የአራዳ ቃል መያዙ ሳይበቃው ተሳፋሪውን ይሰድባል። ደረጃ አንድ ከተወሰነ በኋላ «ዝርዝር ያለው ሰው በሄደበት ጀለስ አያጣም» ሆኖ ተመለሰ። በርዝመት ዙር «ሰው» እና «በሄደበት» ወጡና «ዝርዝር ያለው ጀለስ አያጣም» ቀረ።

ይህ ጥቅስ በአንድ መስመር 17 ፊደል ስለሆነ በአንድ ፊደል ይበልጣል። ከዚያም በላይ በአንድ መስመር ሲነበብ «ዝርዝር ያለው ጀለስ» ምን እንደማያጣ ግልጽ አይደለም። በሁለት መስመር ሲከፈል ግን ላይ «ዝርዝር ያለው»፣ ታች «ጀለስ አያጣም» ሆኖ ስምንት ስምንት ፊደል ይይዛል፤ ዓይን በመስመሩ መጨረሻ ላይ ስለሚቆም ትርጉሙም ይቃናል። መስመሩ የት እንደሚሰበር መወሰንን ለመተግበሪያው አልተውም፤ ይህ ከስቲከሩ ጋር ካልታየ የማይታወቅ ነገር ነው።

ዙሮቹ ሲበዙ የሚመጣ ሌላ ችግር ያለፈው ጥቅስ መበላሸቱ ነው። ዝርዝሩን በሙሉ መልሶ ሰጥቶ «ቁጥር 4 እና 9 ይስተካከሉ» ሲባል፣ መተግበሪያው ያልተጠየቀውን ቁጥር 6 ጭምር ነካክቶ ይመልሳል፤ ለውጡ አንድ ቃል ብቻ ስለሚሆንም ሳይታይ ያልፋል። ስለዚህ የጸደቀውን ወዲያው ወደ ኤክሴሉ አስገብቼ ከውይይቱ አስወጣዋለሁ፤ ለእርማት የምልከው የወደቁትን ብቻ ነው፣ እያንዳንዱ ከቁጥሩና ከአንድ ምክንያት ጋር። ውይይቱ በጣም ሲረዝም የመጀመሪያዎቹ መመሪያዎች መላላት ይጀምራሉ፤ ምልክቱ «አንተ» እና «ስኬት» እንደገና ብቅ ማለታቸው ነው። በዚህ ጊዜ አዲስ ውይይት ከፍቼ መመሪያውን፣ ሦስቱን የደረጃ ምሳሌዎች፣ ከጸደቁት አምስቱንና ከወደቁት ሦስቱን ከነምክንያታቸው አስቀምጬ እቀጥላለሁ። ከጸደቁት ሁሉንም ማስገባት አይጠቅምም፤ ብዙ ምሳሌ ሲያይ እነሱኑ መቅዳት ይጀምራል። አንድ ጥቅስ በተመሳሳይ ምክንያት ደጋግሞ ከወደቀም እርማት መጻፉን ትቼ በእጄ አስተካክለዋለሁ፤ የእርማቱ መመሪያ ከጥቅሱ በላይ ሲረዝም በእጅ መሥራት ይቀላል።

ወደ መቁረጫ ማሽኑ ከመላኬ በፊት የማየው የመጨረሻ ነገር የፊደል አጻጻፍ ነው። መተግበሪያው በአንድ ዝርዝር ውስጥ «ሰላም» እና «ሠላም»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» እያቀላቀለ ይጽፋል። ተሳፋሪው ላያስተውለው ይችላል፣ ነገር ግን ሁለት ጥቅስ በአንድ ባጃጅ ላይ የሚያስለጥፍ ደንበኛ ያስተውለዋል። አንዱን መርጬ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ካደረግሁ በኋላ በወረቀት አትሜ ባጃጁ ላይ በማጣበቂያ እይዘዋለሁ፤ አሥር እርምጃ ያህል ርቄ አንብቤ መስመሩ ትክክል ከተሰበረ፣ ስቲከሩን እቆርጣለሁ።